«እቁብ ወጣልኝ» ለኦዲተር እንዴት ይነገራል?

የዚህ ወር ጽሑፌ የሚጀምረው ከአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ነው። አባቷ የታክሲ ሹፌር ነው። ስሙን እንዳልጠቅስ፣ ታሪኩን ግን ለሌላው መማሪያ እንዲሆን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

አባትየው ከአይአርኤስ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የ2022 ታክሱን ኦዲት ልናደርግ ነውና የባንክ ወረቀቶችህን ይዘህ በዚህ ቀን ቅረብ ይላል። እሱም እንግሊዝኛው ለሥራ ያህል እንጂ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አይበቃኝም ብሎ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ይዟት ይሄዳል። ኦዲተሯ ጨዋ ሴት ናት። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ ካደረገች በኋላ አንድ መስመር ላይ ጣቷን ታሳርፋለች፤ ኤፕሪል 11፣ 2022፣ በጥሬ ገንዘብ የገባ 20,000 ዶላር።

«ይሄ ከየት መጣ?»

አባት በአማርኛ «እቁብ ነው በያት። እጣ ወጣልኝ» አለ።

ልጅቱ እቁብ የሚባል ነገር ቤት ውስጥ ስትሰማ ነው ያደገችው፤ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። እጣ ደግሞ ታውቃለች። ስለዚህ የመሰላትን ተናገረች፤ «አባቴ ሎተሪ ደርሶት ነው»።

ኦዲተሯ ጻፈች። እነሱም ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ፎርም 4564 የሚባለው የመረጃ መጠየቂያ መጣ፤ ሎተሪው የት እንደተቆረጠ፣ ማን እንደከፈለ፣ ለምንስ ታክሱ ላይ እንዳልተጻፈ ይጠይቃል። አሜሪካ ውስጥ የሎተሪ ገንዘብ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው። ሰውዬው በራሱ ልጅ አንደበት ያልደበቀውን ገቢ ደበቅሁ ብሎ ያመነ ያህል ሆነ። ወረቀቱን ይዞ እኔ ዘንድ የመጣው ይሄኔ ነው። እኔ ኢንሮልድ ኤጀንት ነኝ፤ አይአርኤስ ፊት ሰው ወክዬ ለመቅረብ ፈቃድ አለኝ ማለት ነው። ፎርም 2848 ፈረመልኝና ሥራ ጀመርን።

ኦዲተር ሒሳቡን የምትሠራው እንዴት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ገቢው በአብዛኛው በጥሬ ገንዘብ የሆነን ሰው ስትመረምር ኦዲተሯ የባንክ ተቀማጭ ስሌት የሚባለውን ዘዴ ትጠቀማለች። ዘዴው ቀላል ነው። በዓመቱ ውስጥ ወደ አካውንቶችህ የገባውን ሁሉ ትደምራለች። ገቢ እንዳልሆነ የታወቀውን ትቀንሳለች። የቀረውን ታክስህ ላይ ከጻፍከው ገቢ ጋር ታስተያያለች። ልዩነት ካለ፣ ያ ልዩነት ያልተነገረ ገቢ ነው ተብሎ ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ኦዲተሯ «ይህን ገንዘብ በዚህ ቀን እንዲህ ሠርተህ ነው ያገኘኸው» ብላ ማሳየት አይጠበቅባትም። ገንዘቡ ባንክ መግባቱ ራሱ የገቢ ማስረጃ ሆኖ ይያዛል። ገቢ አይደለም የሚለው እናንተ ናችሁና ማስረዳቱም የእናንተ ነው። ሹፌሩ ብስጭት ብሎ «ሌባ ነህ ካሉኝ እነሱ ያረጋግጡ እንጂ!» ብሎኝ ነበር። የወንጀል ክስ ቢሆን ልክ ነው። ይሄ ግን የታክስ ምርመራ ነው።

የሹፌሩ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። በ2022 ወደ ቼኪንጉና ወደ ሴቪንጉ የገባው ሁሉ ሲደመር 92,400 ዶላር ነው። ታክሱ ላይ የጻፈው የታክሲ ገቢ 61,800 ዶላር ነው። ልዩነቱ 30,600 ዶላር።

ከዚህ ውስጥ 6,000ው ከቼኪንግ ወደ ሴቪንግ ራሱ ያዛወረው ነው። አንዱ ገንዘብ ሁለቴ ተቆጥሯል ማለት ነው። ሁለቱን የባንክ ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገን ቀኑንና መጠኑን ስናሳይ ወዲያው ተቀነሰ። 3,800ው ደግሞ ያለፈው ዓመት የታክስ ተመላሽ ነው፤ እሱም ተቀነሰ። ቀሪው 20,800 ሆነ። ከዚያ ውስጥ 20,000ው እቁቡ ነው።

ይህ 20,000 የታክሲ ገቢ ነው ቢባል ምን ያህል ያስከፍለዋል? የግል ሥራ ያለው ሰው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ብቻውን ወደ 2,826 ዶላር ይሆናል። በላዩ የገቢ ታክሱ አለ። እሱ የነበረበት እርከን 12 በመቶ ነው፤ ይህም ሌላ 1,800 ዶላር ገደማ ይጨምራል። ከዚያ የ20 በመቶ ቅጣት አለ። በድምሩ ከ5,500 ዶላር በላይ ይመጣል፤ ወለዱና የስቴቱ ታክስ ገና ሳይቆጠር። በገቢ ልክ የሚሰጡ የልጆችና የጤና መድን ድጋፎችም አብረው ሊነኩ ይችላሉ።

እቁብ በታክስ ዓይን ምንድን ነው?

መጀመሪያ ያደረግሁት ሹፌሩን «እስቲ እቁቡን እኔ እንደማላውቀው ሰው ንገረኝ» ማለት ነው። ነገረኝ። ሃያ አባላት አሉ። በየወሩ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር ይጥላል። በየወሩ እጣ ይወጣል፤ የወጣለት 20,000ውን ይወስዳል። እቁቡ የተጀመረው በሴፕቴምበር 2021 ነው፤ ያለቀው በኤፕሪል 2023። ለእሱ የወጣለት በስምንተኛው ዙር ነው።

«እንግዲያው በስምንተኛው ዙር አንተ ስንት ጥለህ ነበር?»

«የዚያኑ ቀን ጨምሮ 8,000»።

«ከወሰድክ በኋላስ?»

«እስኪያልቅ ጣልኩ እንጂ! አሥራ ሁለት ወር። ወስጄ ብጠፋማ ማን ያየኛል?»

እነሆ መልሱ። ከ20,000ው ውስጥ 8,000ው የራሱ ቁጠባ ነው፤ ቀድሞ ከኪሱ የወጣ፣ ታክሱም የተከፈለበት። ቀሪው 12,000 ባልንጀሮቹ ያበደሩት ነው፤ በአሥራ ሁለት ወር 1,000 1,000 እያደረገ መልሶታል። የራስን ቁጠባ መልሶ መውሰድ ገቢ አይደለም። ብድርም ገቢ አይደለም፤ ይመለሳላ። በሃያው ወር መጨረሻ ላይ ሹፌሩ 20,000 ሰጥቶ 20,000 ተቀበለ። አንድ ዶላር አላተረፈም።

እጣው የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚወስድ ብቻ ነው፤ ማን እንደሚያገኝና ማን እንደሚያጣ አይደለም። ሎተሪ ላይ አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይከስራል። እቁብ ላይ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ሁሉም እኩል ይወስዳል። ስለዚህ «እጣ ወጣልኝ»፣ «ደረሰኝ» የሚለውን አማርኛችንን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ አትውሰዱት። ስጦታ ነውም አትበሉ፤ ማንም አልሰጣችሁም። አንዳንዱ ደግሞ «ከአገር ቤት ወንድሜ ላከልኝ» ማለት ይቀለኛል ይላል። ይህ ውሸት ነው፤ ለመርማሪ መዋሸት ደግሞ ከታክሱ የባሰ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። እውነቱ እያለላችሁ ምን አስጨነቃችሁ?

ይህ የእኛ ብቻ ልማድ አለመሆኑም ይረዳል። ሜክሲኮዎች ታንዳ ይሉታል፣ የካሪቢያንና የምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ሱሱ፣ ሶማሌዎች ሃግባድ። ስናስረዳ ይህንንም አንድ መስመር ጨመርንበት። ኦዲተሯ ታንዳን ታውቀው ኖሯል። «እንደዚያ ነው እንዴ?» አለች። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ቀለለ።

ወረቀቱ እንዴት ተሰበሰበ?

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ማሳየት ሌላ። ሹፌሩ መጀመሪያ ይዞልኝ የመጣው በእቁቡ ገንዘብ የገዛውን መኪና ደረሰኝ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ኦዲተሯ ግን ገንዘቡ ወዴት ሄደ አላለችም፤ ከየት መጣ ነው ያለችው። ደረሰኙን ወደ ጎን አስቀመጥነው።

የሚያስፈልገን ሦስት ነገር ነበር፤ እቁቡ በእርግጥ መኖሩ፣ 20,000ው በእርግጥ ከዚያ መውጣቱ፣ የጣለው መዋጮ ደግሞ ከታወቀ ገንዘብ መሆኑ።

የመጀመሪያው ማስረጃ የእቁቡ ደብተር ነው። ደግነቱ ጸሐፊው ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ በየዙሩ ማን እንደጣለና ማን እንደወሰደ ጽፈዋል። ችግሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሹፌሩ የተጻፈው በስሙ ሳይሆን በልጁ ስም፣ «የእገሊት አባት» ተብሎ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። እጣው የወጣበት ቀን 2/8/2014 ይላል። እናንተ ወዲያው ገብቷችኋል፤ ሚያዝያ 2 ቀን 2014 ነው። አሜሪካዊት ኦዲተር ግን ይህን ስታይ ከስምንት ዓመት በፊት የሆነ የፌብሩዋሪ ቀን ነው የምታነበው። እንደዚያው ብንልከው ኖሮ የእኛው ማስረጃ በእኛው ላይ ይመሰክር ነበር።

ስለዚህ የሃያውንም ዙር ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሰን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ሠራን። ሚያዝያ 2 ቀን 2014 እሑድ ኤፕሪል 10፣ 2022 ነው። ባንክ የገባው በማግስቱ ሰኞ ኤፕሪል 11 ነው። ከደብተሩ ወደ ባንክ አንድ ቀን ብቻ። የደብተሩን ፎቶ ኮፒ፣ ትርጉሙን ከተርጓሚው ፊርማ ጋር፣ የአገራችንን አቆጣጠር የሚያብራራ ሁለት መስመርም አያያዝን።

ሁለተኛው ማስረጃ የእቁቡ ዳኛ ቃል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተቸገርን። ዳኛው ትልቅ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ እኔን ደግሞ በስተርጅና አይአርኤስ ደጅ ልታቆመኝ ነው?» አሉት ለሹፌሩ። ሄጄ አነጋገርኳቸው። «ጋሼ፣ እርስዎ ገንዘቡን ሰብስበው ለባለ እጣው አስረከቡ እንጂ ለራስዎ ምን ወሰዱ?» አልኳቸው። «ቡናዬን እንኳ የምጠጣው በራሴ ነው!» አሉ። ይህንኑ ጻፍነው፤ እቁቡ መቼ ተጀምሮ መቼ እንዳለቀ፣ ስንት አባል እንደነበረው፣ «የእገሊት አባት» ማን እንደሆነ፣ በዚያ ቀን 20,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ እንዳስረከቡትና ከዚያም በኋላ አሥራ ሁለቱን ወር ሳያጓድል እንደጣለ። ቃሉ ሐሰት ቢሆን በሕግ እንደሚጠየቁ የሚገልጽ አንቀጽ ታክሎበት ፈረሙ። ሁለት አባላትም እንዲሁ አጠር ያለ ቃል ሰጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን የተፈረመበት ቀን ነው፤ የ2022 ቀን አይደለም። ዛሬ ጽፎ የድሮ ቀን መለጠፍ እውነተኛውን ነገር ሐሰተኛ ያደርገዋል። ኦዲተር ዛሬ የተጻፈን ምስክርነት ትቀበላለች፤ ወደ ኋላ የተቀናበረን ወረቀት ካገኘች ግን ሌላውንም ሁሉ ማመን ትተዋለች፤ ቅጣቱም ከ20 በመቶ ወደ 75 በመቶው የማጭበርበር ቅጣት ሊሄድ ይችላል።

መዋጮው ራሱ ከየት መጣ?

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ሰውም የሚረሳው ይህንን ነው። እቁብ መኖሩ ተረጋገጠ እንበል። ኦዲተሯ ቀጥላ «በየወሩ የምትጥለውን 1,000 ዶላርስ ከየት ታመጣለህ?» ትላለች። ጥያቄው ትክክል ነው። አንድ ሰው የደበቀውን የጥሬ ገንዘብ ገቢ በየወሩ እቁብ ላይ ጥሎ በአንድ ጊዜ ቢያወጣው፣ እቁቡ ያንን ገንዘብ ታክስ የተከፈለበት አያደርገውም። እንዲያውም ኦዲተሯ ባንክ ሳይገባ የተከፈለ መዋጮ ስታገኝ በገቢው ላይ ልትደምረው ትችላለች።

የሹፌሩን የሃያ ወር የባንክ ወረቀት ዘረጋን። የምትመረምረው ዓመት 2022 ብቻ ቢሆንም፣ እቁቡ ከ2021 እስከ 2023 ስለዘለቀ የሦስቱንም ዓመት ነው ያወጣነው። የአንድ ዓመት ብቻ ብናቀርብ የጣለው ከወሰደው ጋር አይገጥምም፤ ትርፍ ያገኘ ያስመስለዋል።

አሥራ ሰባቱ መዋጮ ከቼኪንጉ የወጣ ሆኖ ተገኘ። በየወሩ፣ ከእቁቡ እሑድ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ፣ ልክ 1,000 ዶላር። በቢጫ ቀለም አሰመርንባቸው። የሦስቱ ወር ግን የለም። ሹፌሩ አሰበ፣ አሰበ፣ አላስታወሰም። በመጨረሻ ባለቤቱ «ያኔ መኪናው ተበላሽቶ ጋራዥ የገባ ጊዜ እኔ አይደለሁ እንዴ የጣልኩልህ?» አለችው። የእሷን አካውንት ስናይ ሦስቱም እዚያ አሉ፤ ከደሞዟ የወጡ። ደሞዟ ደግሞ ታክሱ ላይ አብሮ ተጽፏል። ሃያው ሞላ።

ስለ አንድ ነገር ሹፌሩን አመስግኜዋለሁ። ገንዘቡን በተቀበለ ቀን አንድ ጓደኛው «ከ10,000 በላይ ካስገባህ ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል፤ ከፋፍለህ አስገባ» ብሎት ነበር። ባንኩ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሪፖርት ማድረጉ እውነት ነው። ሪፖርቱ ግን ክስ አይደለም፤ የተለመደ ወረቀት ነው። ወንጀሉ ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ መከፋፈሉ ነው፤ ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ። ሹፌሩ «ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው?» ብሎ በአንድ ጊዜ አስገባው። ይህ በኋላ ለራሱ ጠቀመው፤ የእቁቡ 20,000 እና የባንኩ 20,000 ሳይሸራረፍ ገጠመ።

መጨረሻው

ሁሉንም በአንድ ጥራዝ አድርገን ላክን። ከፊት ያለው ደብዳቤ አንድ ገጽ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ሎተሪ» የተባለው የትርጉም ስህተት መሆኑን፣ ተርጓሚዋም ልጁ እንደነበረች በግልጽ ጻፍን። ኦዲተሯ ዳኛውን በስልክ አነጋገረቻቸው። በነጻ የስልክ አስተርጓሚ ነበር፤ አይአርኤስ አስተርጓሚ ያቀርባልና ስትሄዱ ጠይቁ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። 20,000ው ሙሉ በሙሉ ተቀነሰ። የቀረው 800 ዶላር ነው። እሱን ምንም ብናገላብጥ ማስረዳት አልቻልንም፤ ሹፌሩም «ቲፕ ይሆናል፣ ሳልጽፈው ቀርቼ ነው» አለ። በዚያው ተስማማንና ወደ 200 ዶላር የሚጠጋ ታክስ ከወለዱ ጋር ከፈለ። የማይታወቀውን አላውቀውም ማለቱ የታወቀው ላይ እምነት ጨመረለት።

ባይቀበሉንስ ኖሮ? ፎርም 4549 ላይ የተሠራው የኦዲተሯ ሒሳብ ከደብዳቤ ጋር ይመጣል፤ ካልተስማማችሁ አትፈርሙ። በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ክፍሉ እንዲያይላችሁ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። እዚያም ካልሆነ የ90 ቀን ደብዳቤ የሚባለው ይመጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ታክሱን አስቀድሞ ሳይከፍሉ ለታክስ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ይህቺ 90 ቀን አትራዘምም። ደብዳቤ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ መወርወር ልማድ ያለባችሁ፣ ይህችን ተዉ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ደግሞ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚቆሙ የታክስ ክሊኒኮች አሉ።

እቁብ ላይ ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት ትንሽ ነገር አለ። በየዙሩ የደብተሩን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ጸሐፊውን ሁለቱንም ቀን፣ የእኛንም የፈረንጁንም፣ ሙሉ ስምም እንዲጽፉ ለምኑ። መዋጮውን ከባንክ እያወጣችሁ ጣሉ፤ ወይም በቼክ። ታክስ ካስገባችሁበት ቀን ጀምሮ ኦዲት የሚመጣው በአብዛኛው በሦስት ዓመት ውስጥ ነው፤ ብዙ ገቢ ቀርቷል ከተባለ ግን እስከ ስድስት ዓመት ይሄዳል። ደብተሩ እስከዚያ ይቀመጥ። እጣችሁን ለቸኮለ ሰው 500 ዶላር ተቀብላችሁ ካስቀደማችሁት፣ ያቺ 500 ገቢ ናትና ጻፏት። ዳኛው ወይም ጸሐፊው የድካም ዋጋ የሚቀበሉ ከሆነም እንዲሁ።

ልጅቱስ? በጣም ተጨንቃ ነበር። «በእኔ ምክንያት ነው» ብላ ሁለት ቀን እህል አልበላችም አለኝ አባቷ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ልጅን ለእንዲህ ዓይነቱ ሸክም ማቅረቡ የእኛ የትልልቆቹ ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ ቢሮዬ አብራው መጣች። «እስቲ አሁን እቁብ ምንድን ነው ብትባይ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «አባዬና ጓደኞቹ ተራ በተራ ይበዳደራሉ። የአባዬ ተራ ስምንተኛ ነበር» አለች።

እኔ አንድ ገጽ የፈጀብኝን እሷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ቤታችሁ ልጆች ካሉ ዛሬ ማታ እቁቡን በእንግሊዝኛ እንዲያስረዷችሁ ጠይቋቸው። «ሎተሪ» ካሉ አርሟቸው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።